ዘካን ረመዷን እስኪገባ ማቆየት ይቻላል? የእቁቡስ ብር?

የመርካቶ ሱቅ፦ አሰላሙ አለይኩም። ባንክ 380 ሺህ ብር አለኝ። እቁብ 12 ዙር በ10 ሺህ ጥያለሁ፣ ገና አልወጣልኝም። የሱቁን ዕቃ በ600 ሺህ ነው የገዛሁት፣ 200 ሺህ የአስመጪው ዕዳ አለብኝ። ዓመቴ ረጀብ ላይ ይሞላል። ዘካው ስንት ነው? ረመዷን ላድርሰው?

ባለ ጣቃ፦ ወዓለይኩም ሰላም። ቀላል ነው። ባንክህንና ዕቃህን ደምር፣ 980 ሺህ። ዕዳህን ቀንስ፣ 780 ሺህ። ለ40 ስታካፍለው 19,500 ብር። እቁቡን እርሳው፣ እጅህ ላይ የለም። ረመዷን ደግሞ አጅሩ ብዙ ነው፣ ጠብቅ።

የአንዋር ጎረቤት፦ ባለ ጣቃ፣ ማካፈሉ ልክ ነው፣ ሌላው አይደለም። ዕቃ በገዛህበት አይታሰብም። ዓመቱ በሞላበት ቀን ገበያው በሚያወጣው ዋጋ ነው። ለነጋዴ የሚያከፋፍል ከሆነ በጅምላ፣ በችርቻሮ የሚሸጥ ከሆነ በችርቻሮ። ዛሬ 700 ሺህ ያወጣል እንበል። መደርደሪያው፣ ሚዛኑ፣ ዕቃ የሚያመላልስበት መኪና አይገቡም፣ የሚሸጡ አይደሉማ።

እቁቡም ቢሆን የትም አልሄደም። ብሩን የያዙት ቀድሞ እጣ የወጣላቸው ሰዎች ናቸው፣ ማለትም 120 ሺህ አበድረሃቸዋል። የሚከፍሉ ሰዎች ከሆኑ ያንተ ሀብት ነው። ስለዚህ 380፣ 120 እና 700 ሲደመር 1 ሚሊዮን 200 ሺህ። ዕዳው ሲቀነስ 1 ሚሊዮን። ዘካው 25 ሺህ።

ሀያት፦ እኔ ደግሞ እቁቡ በ2ኛው ዙር ወጥቶልኝ ኮንዶሚኒየሙን አሳደስኩበት፣ ገና 22 ዙር ይቀረኛል። ቤቱን አከራየዋለሁ። አሁን 4 ሚሊዮን ያወጣል ይላሉ። 100 ሺህ ላወጣ ነው እንዴ? ከየት አምጥቼ?

የአንዋር ጎረቤት፦ እህቴ ተረጋጊ። የሚከራይ ቤት ዋጋው ላይ ዘካ የለም። ከኪራዩ በልተሽ፣ ለብሰሽ የተረፈው ከሌላ ብርሽ ጋር ይደመራል። አትርፌ እሸጠዋለሁ ብለሽ የገዛሽው ቢሆን ነበር እንደ ዕቃ የሚቆጠረው። የ22ቱን ዙር ነገር ግን ኡለሞቹም አልተስማሙበትም። ሙሉውን ቀንሺ የሚል አለ፣ መክፈያው የደረሰውን ብቻ የሚልም አለ።

ኡሙ ሰልማ፦ ሰዎች ምን ታካብዳላችሁ፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ቁና የማትሞላ እህል አይደል እንዴ፣ ከዒድ ሶላት በፊት ለሚስኪን ሰጥቶ መገላገል።

የመርካቶ ሱቅ፦ ኡሙ ሰልማ፣ እሱ የፊጥር ነው። የኔ ጥያቄ የገንዘቡ ነው 😅

የፒያሳ ልጅ፦ ማንም ስለ ኒሷብ፣ ዘካ ግዴታ ስለሚሆንበት ትንሹ መጠን፣ አላነሳም እኮ። በወርቅ ስንሄድ 85 ግራም ነው፣ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብታችሁ ጠይቁ፣ ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ነው። ልጁ ያለው 1 ሚሊዮን ብቻ ከሆነ ምንም የለበትም!

የአንዋር ጎረቤት፦ በወርቅ ብቻ ካየኸው። በብር ማዕድን 595 ግራም ነው፣ እሱን ደግሞ ብዙ እጥፍ ያልፈዋል። ድሮ ሁለቱ ተቀራራቢ ነበሩ፣ አሁን የብር ማዕድኑ ረክሶ ተራራቁ። ብዙ ኡለሞች ለድሃው ስለሚጠቅም በብሩ ይሉናል፣ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። በወርቁ የሚሉትም ያንን ያህል ያለው ሰው ራሱ ሀብታም ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ከባድ ጥያቄ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ሻፊዒዮቹ ጋ ደግሞ ዕዳ አይቀነስም። ያኔ 30 ሺህ ሊሆን ነው።

የአንዋር ጎረቤት፦ እውነት ነው፣ እሱን የመዝሀብህን ኡስታዝ ጠይቅ። የጊዜው ነገር ግን ግልጽ ነው። ረጀብ ላይ ከሞላ በኋላ ሁለት ወር ማቆየት ዕዳን ማቆየት ነው። ድሃው ረጀብም ይርበዋል። ከጊዜው ቀድሞ ማውጣት ግን ይቻላል፣ ነብዩ ﷺ ለአጎታቸው ለአባስ አስቀድሞ እንዲያወጣ ፈቅደውለታል። ረመዷንን ከወደድክ የዘንድሮውን አሁን አውጣ፣ በሚመጣው ረመዷን የቀጣዩን ረጀብ ቀድመህ አውጣ፣ ከዚያ በየረመዷኑ ትሄዳለህ።

ባለ ጣቃ፦ እኔማ ሁሌ ሰኔ 30 ሂሳብ ስዘጋ ነው የማወጣው።

የአንዋር ጎረቤት፦ የጨረቃው ዓመት 11 ቀን ገደማ ያንሳል። በ33 ዓመት አንድ ዘካ ይጠፋብሃል። በሰኔ ካልክ 2.5 ሳይሆን 2.577 በመቶ አስብ፣ ለሚሊዮኑ 25,770 ብር መሆኑ ነው።

ባለ ጣቃ፦ ወላሂ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። 15 ዓመት ሆነኝ።

የመርካቶ ሱቅ፦ ጀዛኩሙላህ ኸይር። ቆጠራ ጀምሬያለሁ። ታች መጋዘን ውስጥ ማንም የማይጠይቀው የአምና ጫማ አለ። በስንት ላስገባው?

የአንዋር ጎረቤት፦ ዛሬ አውጥተህ ብትሸጠው በሚያገኘው። 50 ብር ከሆነ በ50 ብር።