የአጎቴ ልጅ ብድር ጠየቀኝ፤ ላስፈርመው ወይስ እምቢ ልበል?

ቀለም (ጠያቂ)፦ የአጎቴ ልጅ ለሥራው ማሽን ሊገዛ 60 ሺህ አበድሪኝ አለኝ። ያጠራቀምኩት በሙሉ 80 ሺህ ነው። በዓመት እመልሳለሁ ይላል። ወረቀት ይኑረን ብለው እንዳይቀየመኝ ፈራሁ። እናቴም «ከሥጋ ዘመድ ጋር ምን ፊርማ አለው?» ትላለች። ውሉን እንዴት ልጻፈው? እምቢ ካልኩስ ምን ብዬ?

ፈጣኑ፦ ወረቀት ምን ያደርጋል? በባንክ አስተላልፊለት። ማስረጃው እዚያው ይቀመጥልሻል። አለቀ።

መዝገብ፦ በባንክ ይሁን በሚለው እስማማለሁ። አላለቀም ግን። የባንኩ ማስረጃ ገንዘቡ መሄዱን እንጂ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ነገ «ስጦታ ነበር» ወይም «የድሮ ዕዳዋን ነው የከፈለችኝ» ቢባልስ? ስታስተላልፊ ምክንያቱ ላይ «ብድር» ብለሽ ጻፊ። ውሉም ይኑር።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የሁለታችሁ ሙሉ ስም መታወቂያ ላይ እንዳለው፣ ቀኑ፣ ገንዘቡ በአኃዝም በፊደልም። በአኃዝ ብቻ ከሆነ አንድ ዜሮ መጨመር ቀላል ነው።

አከፋፈሉ ላይ ጊዜ ውሰዱ። «በዓመት እመልሳለሁ» የሚለውን እንዳለ እንዳትጽፊው። ዓመቱ እስኪሞላ መጠየቅ ያስቸግርሻል፤ ሲሞላ ደግሞ 60 ሺህ በአንዴ ከየት ያመጣል? በየወሩ 5 ሺህ ከሆነ በ12 ክፍያ ያልቃል። ማሽኑ ወዲያው ገቢ ላያመጣ ስለሚችል የመጀመሪያውን ክፍያ ከሦስተኛው ወር ጀምሩት። ያኔ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ቶሎ ታውቂያለሽ።

ቀን ሲያልፍ ምን እንደሚሆንም ጻፉ። ለምሳሌ፦ ከቀኑ በፊት ከነገረሽ የዚያ ወር ክፍያ ወደ መጨረሻ ይገፋል። ሁለት ወር በተከታታይ ካለፈ ቁጭ ብላችሁ አዲስ የክፍያ ቀን ታወጣላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። ጠብ የሚነሳው ግን እዚህ ጋ ነው፤ እሱ «ችግሬ ይገባታል» ብሎ ዝም ይላል፣ አንቺ «ዘጋኝ» ትያለሽ።

በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ ሁለታችሁም ከነምስክሮቻችሁ ፈርሙ። እያንዳንዱን ክፍያ በሁለቱም ቅጂ ጀርባ ላይ ከነቀኑ አስፍሩ፣ ፈርሙበት።

እንዳይቀየም ከፈራሽ ወረቀቱ ለእሱም እንደሚጠቅም ንገሪው። አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ ወራሾችሽ የከፈለውን ድጋሚ ሊጠይቁት ይችላሉ። እውነቴን ነው፣ ይሄ ያልታሰበ ስንት ቤት አለ።

ዋሱ፦ እህቴ፣ እንዳትፈርሚ! እኔ ለታናሽ ወንድሜ ፈርሜ እሱ መክፈል ሲያቆም ባንኩ እኔን ያዘኝ። እስካሁን እየከፈልኩ ነው።

መዝገብ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ዋስትና ነው። እሷ የራሷን ገንዘብ ነው የምታበድረው። ለማንኛውም የከፈልክበትን ደረሰኝ ሁሉ ያዝ። ዋስ የከፈለውን ከተበዳሪው መልሶ መጠየቅ ይችላል።

ዋሱ፦ ወንድሜን ልክሰስ? ተወው።

የልጆች እናት፦ ሁላችሁም ውሉ ላይ ተሯሯጣችሁ። ከ80 ሺህ 60 ሺህ ሲወጣ የሚቀርሽ 20 ሺህ ነው። ሥራሽ ቢቆም ስንት ወር ያኖርሻል? መጀመሪያ እሱን አስቢ።

እምቢ ካልሽ ሰበብ አትደርድሪ። «በዚህ ወር እጅ አጥሮኛል» ካልሽው በሚቀጥለው ወር ይመጣል። «እስቲ ልየው» ካልሽው ደግሞ ይባስ፤ አንቺን ተማምኖ ለማሽኑ ቀብድ ይከፍላል፣ ያኔ እምቢታሽ እውነትም ይጎዳዋል። ቶሎ ንገሪው። እንዲህ በይው፦ «ወንድሜ፣ አስቤበታለሁ። ያጠራቀምኩትን ማውጣት አልችልም። በእኔ ተማምነህ እንዳትቆይ ብዬ ነው ዛሬውኑ የነገርኩህ።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ለምን?» ካለ ያንኑ ድገሚለት። ሒሳብሽን ዘርዝረሽ ከነገርሽው እያንዳንዷ ወጪሽ ላይ ክርክር ይጀመራል።

መርዳት ከፈለግሽ ደግሞ ባይመለስ የማይጎዳሽን ያህል ስጪው፤ ከዚያ በላይ አይሁን።

ፈጣኑ፦ እሱስ ልክ ናት።

ቀለም (ጠያቂ)፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ደውዬ 30 ሺህ ብቻ እንደምችል፣ እሱንም በወረቀት እንደሚሆን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «የቀረውን ከማሽኑ ሻጭ ጋር በክፍያ ልነጋገር» አለ። በወር 2,500 ተስማማን። ግን ከምስክሮቹ አንዷ እናቴ ትሁን ይላል። ችግር አለው?

መዝገብ፦ እሱ ራሱ ከመረጣት አይከፋም። ሁለተኛው ግን ለሁለታችሁም ዘመድ ያልሆነ ሰው ይሁን። ሲፈርሙም ውሉን አንብበው ይፈርሙ።

የልጆች እናት፦ እኔ አልስማማም። አንድ ቀን ብትጣሉ እናትሽን ለልጇና ለወንድሟ ልጅ ልትመሰክር መሀል ታቆሚያታለሽ? ሁለቱንም ከውጭ ፈልጊ።

መዝገብ፦ ይሄም አለ። ብቻ እናትሽን ራሷን ጠይቂያት፤ ፊርማውን መጀመሪያ የተቃወመችው እሷ ናት።