ስለ ዝናብና ስለ አራቱ ወቅቶች የጻፍኩት የፈረንሳይኛ ግጥም መጨረሻው ቤት አልመታም

የማታ ተማሪዋ (አዲስ አበባ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ፈረንሳይኛ በማታ መማር ከጀመርኩ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነው። መምህራችን ስለ ዝናብና ስለ አራቱ የፈረንሳይ ወቅቶች ስምንት መስመር ያለው፣ በየሁለት መስመሩ ቤት የሚመታ ግጥም ጽፈን በቃላችን እንድናቀርብ አዘዙን። የጻፍኩትን እንደሚነበበው አድርጌ በፊደላችን አስፍሬዋለሁ።

አን ፕራንታን፣ ኢል ፕለ ኧን ፐ፣
ለ ስዬል ግሪ ደቭያን ቱ ብለ።
አን ኔቴ፣ ዣታን ላ ፕልዊ፣
ኤል አሪቨ ዳን ላ ንዊ።
ኢል ፕለ ፎር፣ ቭዋሲ ሎቶን፣
ሱር ለ ትዋ ላ ጉተ ሶን።
ላ ፕልዊ ኤ ኔዥ አን ኒቬር፣
ዠ ላ ረጋርደ ቶምቤ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በፕራንታን ጥቂት ይዘንባል፤ ግራጫው ሰማይ ሰማያዊ ይሆናል። በኤቴ ዝናብን እጠብቃለሁ፤ በሌሊት ይመጣል። አጥብቆ ይዘንባል፣ ኦቶን ገባ፤ ጠብታው በጣሪያው ላይ ያቃጭላል። ዝናብ በኢቬር በረዶ ነው፤ ሲወርድ እመለከተዋለሁ።

መምህሩ በመጀመሪያው ቃልና በመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ሥር በቀይ አስምረው መለሱልኝ። ኢቬርና ቶምቤ ሲጻፉ ሁለቱም በኧ እና በኤር ፊደላት ያበቃሉ፤ ታዲያ ቤት የማይመቱት ለምንድን ነው? ፕልዊና ንዊ ደግሞ በተለያየ ፊደል እያበቁ ለምን ታለፉ?

አባ ስንኝ፦
እህቴ፣ ፈረንሳይኛዬ ብዙም አይደለም፤ የአማርኛ ግጥም ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጽፍ ኖሬአለሁ። መምህርሽ ትክክል ናቸው፤ በጆሮ ስሰማው ኢቬር በ«ር» ይዘጋል፣ ቶምቤ ግን በ«ቤ» ክፍት ሆኖ ይቀራል። ነገር ግን እኔ ብሆን በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮችም ላይ አሰምር ነበር፤ አንዱ በ«ፐ» ሌላው በ«ለ» ስለሚያበቃ የመድረሻ ፊደላቸው አልገጠመም። ሁለተኛውን መስመር በ«ፐ» የሚጨርስ ቃል ፈልጊለት።

ጡረተኛው መምህር፦
ፈረንሳይኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይገጥመኝ ነበር፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። አባ ስንኝ ስለ ኢቬርና ቶምቤ የሰሙት ትክክል ነው። በ«ፐ» እና በ«ብለ» ላይ ግን የፈረዱት በአማርኛ ሕግ ነው። እኛ ቤት መታ የምንለው የመጨረሻው ፊደል ተነባቢውም አናባቢውም አንድ ሲሆን ነው፤ ፈረንሳይኛ ግን ከመጨረሻው አናባቢ ጀምሮ እስከ ቃሉ ፍጻሜ የሚሰማው ድምፅ አንድ ከሆነ ይበቃዋል። ፐ እና ብለ አናባቢያቸው አንድ ነው፤ ከእርሱም በኋላ የሚሰማ ድምፅ ስለሌለ ቤት ይመታሉ። ከአናባቢው በፊት ያለው ተነባቢም ከገጠመ ግጥሙን ያበለጽገዋል እንጂ ግዴታ አይደለም።

ይህን ከያዝሽ የቀረው ሁሉ በጆሮ የሚፈታ ነው። በኧና በኤር ከሚያበቁ ቃላት መካከል እንደ ቶምቤ ያሉ የግስ መነሻ ቅርጾች «ኤር»ን ጽፈው አያነቡትም፤ የሚሰማው «ኤ» ብቻ ነው። ኢቬር፣ ባሕር ማለት የሆነው ሜር እና ብረት ማለት የሆነው ፌር ግን «ር»ን ያሰማሉ። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ዓይኑ አንድ ዓይነት ጽሕፈት ስላየ ጆሮውን አይጠይቅም። ለመፈተን፣ መዝገበ ቃላቱ ከእያንዳንዱ ቃል አጠገብ በቅንፍ የሚሰጠውን የአነባበብ ምልክት ተመልክተሽ፣ ከመጨረሻው አናባቢ ጀምሮ ሁለቱን ቃላት አስተያዪ።

ለመጨረሻው መስመር የምመክርሽ አረንጓዴ ማለት የሆነውን ቬርን ነው። ሲጻፍ በቴ ፊደል ቢያበቃም ቴ ስለማይነበብ ከኢቬር ጋር ተነባቢው ሳይቀር ይገጥማል፦

ላ ፕልዊ ኤ ኔዥ አን ኒቬር፣
ኤ ለ ዣርዳን ኔ ፕሉ ቬር።

ሁለተኛው መስመር «አትክልቱም ከእንግዲህ አረንጓዴ አይደለም» ማለት ነው። «ሲወርድ እመለከተዋለሁ» የሚለውን ለመተው ከሳሳሽ ደግሞ ወደ ኤቴ አዛውሪው፤ «ዠ ላ ረጋርደ ቶምቤ» ብለሽ «ላ ፕልዊ ዱሰ ደ ሌቴ» ብትዪ፣ ማለትም ለስላሳው የኤቴ ዝናብ፣ ቶምቤና ኤቴ በሚገባ ይገጥማሉ።

የመጀመሪያው ቃል ስሕተት ከቤት ጋር አይገናኝም። ኤቴ፣ ኦቶንና ኢቬር በሚሰማ አናባቢ ስለሚጀምሩ «አን» ይቀድማቸዋል፤ ፕራንታን ግን በተነባቢ ስለሚጀምር «ኦ ፕራንታን» ይባላል። ቀለም ቆጠራውን አይነካውም፤ አንዱን ቀለም በአንድ ቀለም መተካት ነው።

የሳሮን እናት (ማርሴይ)፦
ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ናት? የእኔ ልጅ ትምህርት ቤት በየጊዜው ግጥም ይሰጣታል፤ በደብተሯ አንድ ገጽ ላይ ትገለብጠዋለች፣ በትይዩው ገጽ ላይ ሥዕሉን ትሥላለች፣ ከዚያም በክፍል ፊት በቃሏ ትወጣዋለች። ይህን የአንቺን ግጥም ለልጄ አነበብኩላትና ወደደችው። ነገር ግን «ላ ጉተ ሶነ» እያለች መጨረሻውንም በግልጽ ታሰማዋለች፤ ከሰሜን የመጡት ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ላ ጉት ሶን» ብለው ያጥሩታል። ለልጅሽ የትኛውን እንደምታስተምሪያት አስቀድመሽ ወስኚ፤ አለበለዚያ በመካከሉ ትደናገራለች።

የማታ ተማሪዋ፦
እትዬ፣ አመሰግናለሁ፤ ግጥሙ የሚቀርበው በእኔ እንጂ በልጅ አይደለም። ይሁን እንጂ ያነሡት ነገር አሳሰበኝ፤ እያጨበጨብኩ ስቆጥር አንዳንዱ መስመር ሰባት፣ አንዳንዱ ስድስት ቀለም ይሆንብኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
የሳሮን እናት ያነሡት ዋና ነገር ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በቃል መጨረሻ ያለችው ኧ ትሰማለች፤ በፓሪስ የዕለት ንግግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ትዋጣለች። በግጥም ንባብ ልማድ ከተነባቢ በፊት ስትመጣ ትቆጠራለች፣ ከአናባቢ በፊት ትዋጣለች፣ በመስመር መጨረሻ ላይ አትቆጠርም። በዚህ ቆጠራ ስምንቱም መስመሮችሽ ሰባት ሰባት ቀለም ናቸው፤ ለጀማሪ ይህን ማግኘትሽ አስደስቶኛል። ችግሩ አራተኛው መስመር ነው። «ኤ-ላ-ሪ-ቨ-ዳን-ላ-ንዊ» ብለሽ ካነበብሽው ሰባት ነው፤ እንደ ንግግር «አሪቭ ዳን» ካልሽው ወደ ስድስት ይወርዳል፣ ሰሚውም የጎደለውን በጆሮው ያውቀዋል።

መፍትሔው አጠራጣሪዋን ኧ ከአናባቢ ፊት ማድረግ ነው። «ኤል አሪቭ አፕሬ ሚንዊ» በዪው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመጣል ማለት ነው። «ኤ-ላ-ሪ-ቫ-ፕሬ-ሚ-ንዊ» በፓሪስም በማርሴይም ሰባት ነው። ስድስተኛውን መስመር ግን አትንኪው፤ ጠብታው ወርዶ ሲያርፍ እንዲሰማ «ጉተ»ን ጊዜ ሰጥተሽ አንብቢው። ኦቶን ውስጥም ከመጨረሻው ኤን ፊደል በፊት ኤም ይጻፋል፤ እርሱን እንዳታነቢው ተጠንቀቂ፣ ካነበብሽው ከሶን ጋር መግጠሙ ይቀራል።

የድሬ ልጅ፦
በድሬዳዋ በልጅነታችን ፈረንሳይኛን ከባቡር ሠራተኞች ቤተሰብ ጋር አብረን ያደግን ሰዎች ጥብቅ ሕግ ተምረናል። ፕልዊ በማትነበብ ኧ ስለሚያበቃ ሴቴ ነው፣ ንዊ ወንዴ ነው፤ ሁለቱን ማጋጠም ክልክል ነው ተብለን ነበር። ሚንዊም እንዲሁ ወንዴ ነው። ስለዚህ ሦስተኛውና አራተኛው መስመር ሊታለፉ አይገባም ነበር እላለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦
ጋሼ፣ የተማሩት ሕግ እውነተኛ ነው፤ የጥንቶቹ ገጣሚዎች ይጠብቁት ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ብዙ ገጣሚዎች ተዉት፤ ለልጆችና ለጀማሪዎች በሚጻፍ ግጥም ደግሞ ጆሮ የተቀበለው ይበቃል። በሕጉ እንጽና ካልን «ላ ፕልዊ ዱሰ» የሚለው የእኔ መስመርም ይወድቃል፤ እንደዚያ ያለ ኧ በመስመር መካከል ከተነባቢ በፊት እንዲመጣ አይፈቀድም ነበርና።

የድሬ ልጅ፦
ለጀማሪ ጥብቁን ማወቅ ይሻላል የሚለውን አቋሜን አልለወጥኩም፤ ለዝናብ ሴቴ ቤት አይታጣለትም። ጉም እንደማለት የሆነው «ስዊ» አይሆንም እንጂ፣ ጃንጥላ «ፓራፕልዊ» አለ።

ጡረተኛው መምህር፦
ስዊ ጥላሸት ነው ጋሼ፤ ጉም አይደለም። ይሁንና በኧ ስለሚያበቃ በእርስዎ ሕግ ከፕልዊ ጋር በትክክል ይገጥማል። ፓራፕልዊ ግን በውስጡ ፕልዊን ራሱን ስለያዘ ቃሉን ከራሱ ጋር ማጋጠም ይሆናል፤ ደካማ ቤት ነው።

የማታ ተማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካረምኩት በኋላ እንዲህ ሆኗል፦

ኦ ፕራንታን፣ ኢል ፕለ ኧን ፐ፣
ለ ስዬል ግሪ ደቭያን ቱ ብለ።
አን ኔቴ፣ ዣታን ላ ፕልዊ፣
ኤል አሪቭ አፕሬ ሚንዊ።
ኢል ፕለ ፎር፣ ቭዋሲ ሎቶን፣
ሱር ለ ትዋ ላ ጉተ ሶን።
ላ ፕልዊ ኤ ኔዥ አን ኒቬር፣
ኤ ለ ዣርዳን ኔ ፕሉ ቬር።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ኤቴ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም 12 ገደማ ነው። በእነዚያ ወራት እኛ ዘንድ ዝናቡ አያባራም፤ «በኤቴ ዝናብን እጠብቃለሁ» ብዬ በአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ መቆሜ ሐሰት አይሆንም?

አባ ስንኝ፦
ይሆናል፤ ገጣሚ ያላየውን ሰማይ ባይገጥም ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴን ጻፊ።

የሳሮን እናት፦
እኔ ደግሞ ባለበት ይቆይ እላለሁ። እዚህ ማርሴይ ኤቴ ደረቅ ስለሆነ ዝናብን በእውነት እንጠብቃለን፤ የታዘዝሽውም ስለ ፈረንሳይ ወቅቶች ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
መምህርሽ አራቱን ወቅቶች ስላዘዙ ለክፍሉ ይህኑ አቅርቢ። ለራስሽ ሌላ ልትጽፊ ከፈለግሽ፣ ዝናባማና ደረቅ ወቅት የሚፈራረቁባቸው የምዕራብ አፍሪካ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች «ላ ሴዞን ዴ ፕልዊ» እና «ላ ሴዞን ሴሽ» ይላሉ፤ የዝናብ ወቅትና የደረቅ ወቅት ማለታቸው ነው። የፊተኛው በፕልዊ ስለሚያበቃ ሚንዊን ይዘሽ መነሣት ትችያለሽ። የጋሼን ሕግ ከመረጥሽ ግን ሌላ ቃል መፈለግ ይኖርብሻል።