የጌምስቶፕ ቤታ ከዜሮ በታች ሲወርድ፦ የአክሲዮንን ስጋት የሚለካው ቤታ ነው ወይስ የዋጋው መዋዠቅ?

ጀማሪዋ (ሜሪላንድ)
በ2021 የአሜሪካው የቪዲዮ ጨዋታ መደብር የጌምስቶፕ አክሲዮን ዋጋ እንደዚያ ሲናጥ ቤታው፣ ማለትም ገበያው ሲንቀሳቀስ አክሲዮኑ ምን ያህል አብሮ እንደሚንቀሳቀስ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከዜሮ በታች ተጽፎ አይቼ ነበር። ከዜሮ በታች ከሆነ ገበያው ሲወድቅ ይነሣል ማለት አይደለም? ታዲያ ስጋትን የሚለካው የቱ ነው፣ ቤታው ወይስ የዋጋው መዋዠቅ?

ቆጣቢው (አትላንታ)
እኔ በቤታ አምናለሁ። ገበያው 10 በመቶ ሲወርድ ቤታው 0.5 የሆነ አክሲዮን 5 በመቶ ይወርዳል፣ ቤታው 2 የሆነው ደግሞ 20 በመቶ። ስለዚህ ቤታው ትንሽ የሆነ አክሲዮን ዋጋው እምብዛም የማይናወጥ፣ የተረጋጋ አክሲዮን ነው። የጌምስቶፕ ቁጥር የድረ ገጹ ስሕተት ይመስለኛል።

የስታቲስቲክስ መምህሩ (ቶሮንቶ)
ቁጥሩ የስሌት ስሕተት አልነበረም፤ ይልቁንም ስሌቱ በትክክል ተሠርቶ ትርጉም የሌለው ውጤት የሰጠበት ጊዜ ነው። ብዙ ድረ ገጾች ቤታን የሚያሰሉት ያለፉትን 60 ወራት ወስደው፣ የአክሲዮኑን ወርኃዊ ለውጥ የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን ከሚለካው ከኤስ ኤንድ ፒ 500 ወርኃዊ ለውጥ ጋር በማስተያየት ነው። ጌምስቶፕ ዲሴምበር 2020ን የዘጋው ከ19 ዶላር በትንሹ ዝቅ ባለ ዋጋ ሲሆን ጃንዋሪ 2021ን የዘጋው በ325 ዶላር ነበር፤ ይህም ከ1,600 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። በዚያው ወር ኤስ ኤንድ ፒ 500 1.1 በመቶ ያህል ወረደ።

ይህ አንድ ወር ብቻውን ምን እንዳደረገ በግምት እናስላ። ገበያው በአማካይ በወር 1 በመቶ ያድጋል ብንል፣ የጃንዋሪው ውጤት ከአማካዩ በ2.1 በመቶ ያንሳል፤ አክሲዮኑ ግን ከራሱ አማካይ በ1,600 በመቶ ገደማ፣ ማለትም በ16፣ ይበልጣል። የሁለቱ ብዜት −0.34 ይሆናል። ቤታን ለማግኘት ይህ የሚካፈልበት ቁጥር የገበያው ወርኃዊ ለውጦች ከአማካዩ የራቁበት መጠን በካሬ ተደምሮ ነው፤ የገበያው ወርኃዊ መዋዠቅ 4.5 በመቶ ከሆነ የ60ው ወር ድምር 0.12 ይመጣል። ሲካፈል ወደ −2.8 ይጠጋል። ሃምሳ ዘጠኙ ወራት አንድ ላይ ሆነው ቤታው 1 ነው ቢሉ እንኳ፣ አንዷ ወር ብቻዋን ከዜሮ በታች ታወርደዋለች።

የዚያ ወር ጭማሪ ደግሞ ከገበያው መውረድ ጋር የሚያያይዘው ምክንያት አልነበረም። በአክሲዮኑ መውደቅ ለማትረፍ ተበድረው የሸጡ ትልልቅ ተቋማት ዋጋው ሲወጣባቸው የሸጡትን መልሰው ለመግዛት በመገደዳቸው፣ በብዙ አነስተኛ ገዢዎች ግፊት ላይ የእነርሱ ግዢ ተጨምሮበት የተፈጠረ ነው። እንዲህ ያለውን ቤታ የሚገልጠው እያንዳንዱን ወር በአንድ ነጥብ የሚያሳየው ሥዕል ነው፤ ቤታ በነጥቦቹ መካከል የሚሰመረው መስመር ዝንባሌ ስለ ሆነ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ነጥቦች አንድ ቦታ ተከማችተው አንዷ ብቻዋን ሩቅ ቆማ ከታየች፣ መስመሩን ያሰመረችው እርሷ ናት።

ወንድሜ ቆጣቢው ደግሞ «ቤታው ትንሽ ከሆነ ዋጋው የተረጋጋ ነው» ያሉት ትክክል አይደለም። ቤታ የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦ አክሲዮኑ ከገበያው ጋር ያለው ተዛምዶ፣ ማለትም ከ−1 እስከ 1 ባለው ልክ ምን ያህል አብረው እንደሚንቀሳቀሱ፣ እና የአክሲዮኑ መዋዠቅ ከገበያው መዋዠቅ ስንት እጥፍ እንደሆነ። ገበያው በዓመት 16 በመቶ፣ አክሲዮኑ 40 በመቶ ቢዋዥቅና ተዛምዷቸው 0.2 ቢሆን፣ ቤታው 0.2 በ2.5 ተባዝቶ 0.5 ይሆናል። ከገበያው ሁለት ተኩል እጥፍ የሚናወጥ አክሲዮን በእርስዎ መለኪያ «የተረጋጋ» ተብሎ አለፈ ማለት ነው።

መሐንዲሱ (ሲያትል)
የእኔን ጉዳይ ላንሣ። የምሠራበት ድርጅት የደመወዜን ከፊል በራሱ አክሲዮን ይከፍለኝ ስለ ነበር፣ ከቁጠባዬ አብዛኛው በዚያ አንድ ስም ተከማችቶ ነበር። ቤታው 1.3 ስለሚል ገበያው 20 በመቶ ቢወድቅ እኔ 26 በመቶ አጣለሁ ብዬ ተዘጋጀሁ። በ2022 ኤስ ኤንድ ፒ 500 19 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የእኔ አክሲዮን 60 በመቶ ወረደ። የቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያ ብዬ የያዝሁት ገንዘብ ነበር። ቤታ ለእኔ ምንም አልነገረኝም።

የስታቲስቲክስ መምህሩ
አዝናለሁ፤ ያጋጠመዎት ነገር የጥያቄው ዋና ነጥብ ነው። ቤታ የሚናገረው ከገበያው ጋር ስለሚመጣው ክፍል ብቻ ነው። ቅድም ባነሣሁት ምሳሌ ተዛምዶው 0.2 ስለ ሆነ በካሬ 0.04 ይሆናል፤ ማለትም ከአክሲዮኑ የመዋዠቅ ልክ በቫሪያንስ፣ ማለትም በመዋዠቁ ካሬ፣ ሲለካ ከገበያው የሚመጣው 4 በመቶው ብቻ ሲሆን ቀሪው የኩባንያው የራሱ ነው። የመቶ ልዩ ልዩ ኩባንያዎችን አክሲዮን ለያዘ ሰው ይህ ቀሪው እርስ በርሱ እየተጣፋ ስለሚሄድ ቤታን ማየቱ ተገቢ ነው። ቁጠባው በአንድ ስም ላይ ላለ ሰው ግን ምንም የሚጣፋ ነገር የለም፤ ስለዚህ መመልከት የነበረብዎት ጠቅላላውን መዋዠቅ ነው።

ቆጣቢው
መዋዠቁን በተመለከተ ታርሜአለሁ፤ አንድ ነገር ግን አልቀበልም። መቶ አክሲዮን ለያዘ ሰው ቤታ ይበቃል ያሉት በደኅና ጊዜ ነው። እኔ ቤታቸው ዝቅተኛ ነው ተብሎ የመብራትና የውኃ አገልግሎት ኩባንያዎችን ሰብስቤ ይዤ ነበር። ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ቀን 2020 ኤስ ኤንድ ፒ 500 34 በመቶ ሲወርድ እነርሱም ከእርሱ ባልተናነሰ ወረዱ። በጣም በምፈልገው ቀን ተዛምዶው ከተለወጠ፣ የትናንቱ ቤታ ምን ያደርግልኛል?

የስታቲስቲክስ መምህሩ
በዚህ ላይ ጥሩ መልስ የለኝም። ሁሉም ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ተዛምዶ ከፍ ይላል፤ በ60 ወራት አማካይ ውስጥ ግን ያች አንዲት ወር ትዋጣለች። በዕለታዊ ወይም በሳምንታዊ ዋጋ ማስላት ለውጡን ቶሎ ያሳያል እንጂ አስቀድሞ አይናገርም።

አክሲዮን ያዡ (አዲስ አበባ)
እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ችግር የለም። የባንክ አክሲዮን ከያዝሁ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ ዋጋው ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ቤታዬም መዋዠቄም ዜሮ ነው ማለት ነው።

የስታቲስቲክስ መምህሩ
ጋሼ፣ ዋጋው አልተናወጠም ማለትና ዋጋው አልታየም ማለት የተለያዩ ናቸው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2025 ወጋገን ባንክን የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አድርጎ ነው፤ ከዚያ በፊት በየቀኑ የሚታተም ዋጋ አልነበረም። ከተመዘገቡ በኋላም ቢሆን ግብይት በሌለባቸው ቀናት የሚጻፈው የመጨረሻው የተሸጠበት ዋጋ ነው። ገበያው በዛሬ ዜና ቢንቀሳቀስ እንኳ የእርስዎ አክሲዮን ለሁለት ሳምንት ካልተሸጠ ለውጡ ዜሮ ተብሎ ይመዘገባል፤ ስለዚህ ቤታውም መዋዠቁም ከእውነተኛው አንሰው ይወጣሉ። ለማወቅ ከፈለጉ ዋጋውን ትተው፣ በአንድ ወር ውስጥ ግብይት የተደረገባቸውን ቀናት ይቁጠሩ።

አክሲዮን ያዡ
እቆጥራለሁ። ነገር ግን የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት ከሆኑና በአብዛኛው ባንኮች ከሆኑ፣ «ገበያው» የምትሉት ከማን ጋር ያስተያየኛል? ከራሴ ባንክና ከጎረቤቱ ጋር ነው?

የስታቲስቲክስ መምህሩ
ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባንክን ከባንኮች አማካይ ጋር ካስተያየነው ቤታው 1 አካባቢ ይወጣል፤ ያም ስለ ሀገሪቱ ኢኮኖሚ ምንም አይነግረንም። አስተማማኝ የሆነ ሌላ ማስተያያ እስኪገኝ ድረስ እኔ ብሆን ለእነዚህ አክሲዮኖች ቤታ አላሰላም።

ጀማሪዋ (ሜሪላንድ)
የጌምስቶፕ መልስ ገብቶኛል፤ ዛሬ ማታ የነጥቦቹን ሥዕል እሠራለሁ። የአትላንታው ወንድሜ ጥያቄ ግን አሁንም መልስ አላገኘም።