«ሽቦው ግድግዳው ውስጥ አለ»፦ ፓወርላይን ወይስ የኔትወርክ ገመድ?

የኋላ ክፍል፦ ራውተሩ ሳሎን ነው፤ የምሠራበት ክፍል በቤቱ ማዶ ጫፍ ስለሆነ ዋይፋዩ አይደርሰኝም። ገመድ ላስዘረጋ ስል አንድ ባለሙያ «ሽቦው ግድግዳው ውስጥ አለ፤ ፓወርላይን ሰክተሽ ተገላገይ፣ ግድግዳ መብሳት ከንቱ ድካም ነው» አለኝ። ፓወርላይን ኢንተርኔቱን በመብራት ሽቦ የሚያሳልፍ መሣሪያ ነው፤ ሳጥኑ ላይ 1000 ሜጋቢት ተጽፏል። እውነት ከገመድ ይስተካከላል?

ገመድ ዘርጊ፦ ይህ «ሽቦው ግድግዳው ውስጥ አለ» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። አለ፣ ግን የተዘረጋው ኃይል ሊያደርስ ነው። የኔትወርክ ገመድ ስምንቱ ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠመዘዙት ረብሻ እንዳያጠቃቸው ነው። በመብራት መስመር ላይ ግን ቻርጀሩም አምፖሉም ረብሻቸውን እዚያው ይለቃሉ። 1000 የሚለውንም እርሺው። እርሱ መሣሪያዎቹ በጥሩ ሽቦ ላይ ሊደርሱበት የሚችሉት ጥሬ ፍጥነት ነው፤ መላክና መቀበል ይሻሙበታል፣ የስህተት ማረሚያውም ከዚያው ላይ ይቀነሳል።

ተከራይ፦ የራሱ ቤት ያለው ሰው እንዲህ ማለት ይቀለዋል። እኔን አከራዬ ምስማር እንኳ አያስመታኝም። በፓወርላይን 110 አገኛለሁ፣ የቪዲዮ ስብሰባዬም ተቆራርጦ አያውቅም። ጎረቤቴ ግን ግድግዳውን በስቶ፣ ገመድ ዘርግቶ የሚያገኘው 94 ነው። የቱ በለጠ?

ገመድ ዘርጊ፦ 94 ብለሃል? ቁጥሩ ራሱ በሽታውን ይናገራል። ጊጋቢት አራቱንም ጥንዶች ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን በሁለት ጥንድ ይሠራል። ጫፉ ሲታሰር አንዷ ሽቦ በደንብ ካልነካች ብዙ መሣሪያዎች ምንም ሳይናገሩ ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ኢንተርኔቱ ስለሚሠራ ማንም ልብ አይልም። ከ100 ላይ የመረጃው ማሸጊያ ሲቀነስ የሚተርፈው 94 ገደማ ነው። ጎረቤትህ ጫፉን ቆርጦ እንደገና ይሰረው። ያም ካልፈታው አንደኛው መሣሪያ የ100 ወደብ ብቻ ያለው ይሆናል። ተስተካክሎ 940 ገደማ ሲያነብ ተመልሰህ አወዳድር።

አሮጌ ቤት፦ ፓወርላይን የሚያስቸግረው አሮጌ ሽቦ ላይ ብቻ ነው። ቤቱ አዲስ ከሆነ አትጨነቂ።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ «ብቻ» የምትለውን አንሣት። አዲስ ቤትም ቢሆን ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ከዋሉ ሲግናሉ ይዳከማል። ከሁሉ የሚብሰው ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው፤ በተለይ ከኃይል መዋዠቅ የሚከላከለው ዓይነት ሲግናሉን ይውጠዋል። አዳፕተሩ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰካ። እህቴ፣ ክርክሩን ትተሽ iperf3 በሚባለው የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ለኪ። ከራውተሩ ጋር በገመድ በተያያዘ ኮምፒውተር ላይ፦

```
iperf3 -s
```

በኋላው ክፍል ደግሞ የዚያኛውን አድራሻ አስገብተሽ፦

```
iperf3 -c 192.168.1.10 -t 600
```

አሥሩን ደቂቃ ሙሉ ይሩጥ። በመካከሉ ልብስ ማጠቢያውን አስነሺ፣ መብራቶቹን አብሪ፣ አጥፊ። የምትፈልጊው አማካዩን ሳይሆን ዝቅ ያለባትን ሰከንድ ነው።

የማታ ተጫዋች፦ እኔ የዋይፋይ ማራዘሚያ ገዝቼ ጨዋታው ይዘገይብኛል። ፓወርላይን ብገባበት ይሻለኛል?

ገመድ ዘርጊ፦ ጥያቄው እርሱ አይደለም፤ ለብቻው ጠይቅ።

የኋላ ክፍል፦ ከጓደኛዬ ተውሼ ለካሁ። ማከፋፈያው ላይ 40 አካባቢ ነበር። ግድግዳው ላይ ስሰካው 180 ደረሰ። ከጎኑ የላፕቶፕ ቻርጀር ስሰካ ወደ 70 ወረደ፤ ልብስ ማጠቢያው ሲነሣ ደግሞ ለተወሰኑ ሰከንዶች ዜሮ አነበበ።

ተከራይ፦ የኢንተርኔት መስመርሽ ስንት ነው?

የኋላ ክፍል፦ 50።

ተከራይ፦ እንግዲያው 70 እንኳ ይተርፍሻል! ሽቦው ግድግዳው ውስጥ አለ ያልነው ለዚህ ነው።

ገመድ ዘርጊ፦ ዜሮዋን ዘለልካት። ስብሰባ ላይ ድምፅ የሚቆረጠው በዚያች ሰከንድ ነው። ደግሞስ ግድግዳ ብሱ ያለ ማን ነው? ካት 5ኢ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢት ይሸከማል፤ በግድግዳው ግርጌ ተከትሎ በበሩ ጥግ ያልፋል፣ አከራይም አይቆጣም።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፦ በግርጌው ይሂድ እንጂ የመብራት ሽቦ ባለበት ቱቦ ውስጥ ማንም እንዳያስገባው። የመብራት ሽቦው ልባሱ ከተላጠ 220 ቮልቱ ወደ ኔትወርኩ ይሻገራል።

ተከራይ፦ በሩ ሲዘጋ ገመዱን ይጨፈልቀዋል፣ ሰውም ይጠልፈዋል። እኔ ቤት ልጆች አሉ።

ገመድ ዘርጊ፦ እንዳይጨፈለቅ ቀጭን መሸፈኛ አለው። አንተ መጀመሪያ የጎረቤትህን ጫፍ አሳስረህ ና።

የኋላ ክፍል፦ ልብስ ማጠቢያውን በሥራ ሰዓት ባላስነሣውስ?