ሳባንግዴምን ግድብ እንበለው ወይስ ክትር?

ደሴ ዙሪያ ለሚሠራ የተፋሰስ ሥራ አንድ የኮሪያ ቴክኒክ ሪፖርት ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ቋንቋው የእኔ፣ ምህንድስናው የባልደረባዬ። የተጣላነው «ሳባንግዴም» በምትል ቃል ነው።

እኔ «ግድብ» አልኩ። እሱ «ወንድሜ፣ ግድብ ካልከው ገበሬው መስኖ ይጠብቃል፤ ይሄ እኮ ውሃ አያቁርም» አለና በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ክትር» ጻፈበት። አለማቆሩስ እውነት ነው። ሥዕሉ ላይ ግንቡ ውሃ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሉት፤ የሚይዘው ከተራራው የሚወርደውን ድንጋይና ደለል ነው።

ችግሩ ሪፖርቱ ውስጥ «ጎልማጊ» የሚባልም አለ። እሱ ቦረቦር ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው። ግንቡ በታች በኩል ብቻ ነው፣ ከኋላው አፈር ይሞላል። ሳባንግዴም ግን በላይም በታችም በኩል ግንብ አለው። ለእኔ ክትር ማለት ትንሹ ነው፣ የእኛ ገበሬ በድንጋይ የሚክበው። ሁለቱንም ክትር ካልን የሥራ መጠን ሠንጠረዡ ይደበላለቃል። «የደለል ግድብ» ብዬ አቀረብኩለት፤ «ያው ግድብ አይደል!» ብሎ ተነስቶ ሄደ።

በተፋሰስ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ውሃ ሳይሆን ድንጋይና ደለል የሚይዘውን ትልቁን ግንብ ገበሬውም መሐንዲሱም በሚግባቡበት ስም ምን ትሉታላችሁ?