የግቢያችን ራውተሮች የማሰራጫ ኃይል፦ ለጠቅላላ ጉባኤ በሚቀርበው የጋራ ሐሳብ ላይ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በሳቢያን ግቢያችን ስላለው የዋይፋይ መጨናነቅ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚህ በጽሑፍ እንድናዳብረው የመጀመሪያውን ረቂቅ አቅርቤያለሁ። በአንድ መወጣጫ ዙሪያ ብቻ ሃያ ያህል ቤቶች ራውተር አላቸው፤ ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም ከፋብሪካ በመጡበት ሁኔታ በሙሉ ኃይል ያሰራጫሉ። የረቂቁ ዋና አንቀጽ «እያንዳንዱ ቤት የራውተሩን የ2.4 ጊጋኸርዝ የማሰራጫ ኃይል ወደ መካከለኛ ዝቅ ያደርጋል» ይላል። አስተያየታችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፦
ሐሳቡን በበጎ ዓይን ብመለከተውም እንዳለ መቀበል ያስቸግረኛል። ኃይሉ ሲቀንስ በስልኩ ላይ የሚታየው የሲግናል ምልክት እንደሚቀንስ፣ ምልክቱ ሲቀንስም ፍጥነቱ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔ ራውተር ሳሎን ነው፤ ልጄ የምታጠናው ደግሞ ከሁለት ግድግዳ ወዲያ ባለው የውስጥ ክፍል ነው። ሐረር ጀጎል በሚገኘው የወላጆቼ ቤትም ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ራውተሩ ከሙሉ ኃይል በታች ሲሆን ግቢው ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ኃይልን መቀነስ ለጎረቤት ሲባል የራስን ቤት መጉዳት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የቴክኒክ ኮሚቴው አባል፦
ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያነሡት የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው። በስልኩ ላይ የሚታየው ምልክት ራውተሩ ለስልኩ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማው ይነግረናል እንጂ ስልኩ ለራውተሩ ምን ያህል እንደሚሰማው አይነግረንም። የዋይፋይ ግንኙነት ደግሞ የሁለቱንም ወገን ይፈልጋል፤ ስልኩ ለደረሰው መልእክት ሁሉ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስ አለበት፤ ልጅዎ በቪዲዮ ስትማር ድምጿና ምስሏ የሚሄደውም በስልኩ ኃይል ነው።

እባክዎ በውስጠኛው ክፍል ሆነው የሲግናልን ጥንካሬ በሚለካው የስልክ መተግበሪያ በ`WiFi Analyzer` የሚያነቡትን ቁጥር ይላኩልኝ፤ በቤትዎ ቁጥር ላይ ብንነጋገር ይሻላል።

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፦
ስልኩን በልጄ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሳነብ ከ−63 እስከ −65 ይላል። የራውተሩ ገጽ የማሰራጫ ኃይሉን 20 ዲቢኤም ብሎ ያሳያል።

የቴክኒክ ኮሚቴው አባል፦
አመሰግናለሁ። −64ን እንያዝ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ የጠነከረ ነው። ራውተሩ በ20 ልኮ ስልኩ በ−64 ከሰማው፣ በመንገድ ላይ በግድግዳውና በርቀቱ የጠፋው 84 ዴሲቤል ነው ማለት ነው። ይህ ኪሳራ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ነው። ስልኮች ግን ባትሪያቸው ትንሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ራውተር ጮክ ብለው አይልኩም፤ የእርስዎን ስልክ 14 ዲቢኤም ብለን ብንገምት ራውተሩ ስልኩን የሚሰማው በ−70 ነው። እንግዲህ ራውተሩን ወደ 14 ዝቅ ቢያደርጉት ስልኩ ላይ −70 ያነባሉ፤ ይኸውም እስከ ዛሬ ራውተሩ ስልኩን ይሰማበት ከነበረው መጠን ጋር እኩል ነው። የልጅዎ የላኪነት ወገን በምንም አይለወጥም። በተቃራኒው ራውተሩን ወደ 23 ከፍ ብናደርገው ስልኩ −61 እያነበበ ምልክቱ ሙሉ ይሆናል፤ ራውተሩ ግን ያንኑ −70 ይሰማል። «ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ድምፄ ይቆራረጣል» የሚለው የጎረቤቶቻችን ቅሬታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ከራውተሩ ወደ ስልኩ የሚወርደው ፍጥነት ግን በመጠኑ እንደሚቀንስ መደበቅ አልፈልግም፤ «ደርሶኛል» የሚለው አጭር መልስ በቀላል ፍጥነት ስለሚላክ ከትልቁ መረጃ ይልቅ ደካማ ሲግናልን ይችላል፣ ስለዚህ ከስልኩ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ወገን ደካማ መሆኑ ብቻውን ከራውተሩ ወደ ስልኩ የሚመጣውን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ሆኖም −70 ላይ ቻናሉ ጸጥ ካለ 10 ሜጋቢት የሚሆን መስመር ያለ ችግር ያልፋል። ያስቸገረን የቻናሉ ጸጥ አለማለት ነው።

ስለ ጀጎሉ ቤት ትክክል ነዎት። ያ ወፍራም ግንብ የእርስዎን ሲግናል እንደሚያስቀር ሁሉ የጎረቤትንም ያስቀራል፤ ስለዚህ እዚያ ኃይል መቀነስ የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ግቢውን ለመሸፈንም ኃይል ከመጨመር ይልቅ በግንቡ ወዲያ በኬብል የተገናኘ ሁለተኛ መሣሪያ ማኖር ይሻላል። የእኛ ቤቶች ግን በቀጭን ብሎኬት የተለያዩ ናቸው።

የመሬት ወለል ሱቅ ባለቤት፦
እኔ ሐሳቡን ስደግፍ የመብራት ወጪዬ ይቀንሳል ብዬ ነው። በዚያ ላይ በድሬዳዋ ሙቀት ራውተሩ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። አስማሚውን በአነስተኛ ኃይል በሚሠራ መቀየር ማለት ከሆነ ከየት እንደሚገዛ ንገሩን።

የቴክኒክ ኮሚቴው አባል፦
እትዬ፣ እባክዎ አስማሚውን እንዳይነኩት፤ ያነሰ አስማሚ ከተሰካ ራውተሩ በየጊዜው እየጠፋ ይነሣል። የምንናገረው በአንቴናው ስለሚወጣው የሬዲዮ ኃይል ነው። 20 ዲቢኤም ማለት 100 ሚሊዋት ብቻ ሲሆን ራውተሩ ከሶኬት የሚወስደው ግን ከ5 እስከ 10 ዋት ያህል ነው፤ ስለዚህ በመብራት ሂሳብም ሆነ በግለቱ ላይ የሚታይ ለውጥ አይጠብቁ። ለግለቱ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ አየር በሚያገኝበት ቦታ ማስቀመጥ የበለጠ ይረዳዋል።

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ መምህርት፦
እኔ ይህን ውይይት ሳነብ ኃይሉን ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቀየርኩት፤ ምሽት ላይ የነበረብኝ መንቀራፈፍ ግን እንዳለ ነው። የሚሠራ ከሆነ ለምን ለእኔ አልሠራም?

የቴክኒክ ኮሚቴው አባል፦
መምህርት፣ ጥያቄዎ ሐሳቡ የሁላችን መሆን ያለበት ለምን እንደሆነ ስለሚያሳይ በዝርዝር ልመልስ።

በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ሃያ ራውተር ለሦስት ቻናል ሲካፈል ስድስት ሰባት ቤት በአንድ ቻናል ላይ ይወድቃል። ዋይፋይ ደግሞ ከመላኩ በፊት ያዳምጣል፤ በዚያው ቻናል ላይ የሌላ ቤት መሣሪያ ሲልክ ከሰማ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። የዋይፋይ የቴክኒክ መስፈርት እስከ −82 ድረስ ያለውን ሰምቶ መጠበቅን ያዛል፤ ብዙ መሣሪያዎች ከዚያ የደከመውንም ይሰማሉ። ስለዚህ ከመሬት ወለል ያለው ራውተር አራተኛ ፎቅ ላይ በ−79 ከተሰማ፣ ለእርስዎ አንዳች የማይጠቅም ሆኖ ሳለ ቤትዎን ያስጠብቃል። ያ ራውተር በ6 ዴሲቤል ቢቀንስ −85 ላይ ይወርድና በአብዛኛው ከተራው ይወጣል።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ የእርስዎን ጥበቃ የሚያቀለው የጎረቤትዎ መቀነስ ነው እንጂ የእርስዎ መቀነስ አይደለም። እርስዎ ብቻዎን ሲቀንሱ ጎረቤትዎ እፎይ ይላል፤ እርስዎ ግን እርሱን እንደ ቀድሞው እየሰሙ ይጠብቃሉ፤ የራስዎ ሲግናል ደግሞ ደክሟል። በዚህ ምክንያት እያንዳንዳችን ለየብቻችን ሙሉ ኃይልን ብንመርጥ የሚያስወቅስ ባይሆንም ሁላችንም በአንድነት የምንጎዳበት ምርጫ ነው፤ ማኅበራችን ሊፈታው የሚችለውም ይህንን ነው።

የእርስዎ መንቀራፈፍ ግን ከዋይፋዩ ላይሆን ይችላል። ምሽት ላይ በላፕቶፕዎ ይህን ይሞክሩ፤ አድራሻው በራውተርዎ ጀርባ ካለው የተለየ ከሆነ በዚያ ይተኩት፦

```
ping 192.168.1.1
```

መልሱ ሳይዋዥቅ በጥቂት ሚሊሰከንድ የሚመጣ ሆኖ ድረ ገጾች ግን ከዘገዩ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ስለሆነ ኃይል መቀነሳችን አይፈውሰውም። መልሱ አንዴ 3 አንዴ 400 የሚል ከሆነ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ግን የአየሩ መጨናነቅ ሳይሆን አይቀርም።

የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ መምህርት፦
ሞከርኩት። አብዛኛው ከ10 በታች ቢሆንም በየመሐሉ ከ200 በላይ የሚዘል አለ፤ ሁለቱም ያለብኝ ይመስላል። አንድ ነገር ላክል፤ የእኔ ራውተር ገጽ ቁጥር አያሳይም፤ በ`Transmit Power` ሥር `High`፣ `Medium` እና `Low` ብቻ ነው ያለው። «መካከለኛ» የሚለው የረቂቁ ቃል በሁሉም ቤት አንድ ትርጉም ይኖረዋል?

የቴክኒክ ኮሚቴው አባል፦
አይኖረውም፤ ስላነሡት አመሰግናለሁ። አምራቾች ለእነዚህ ደረጃዎች የሚሰጡት መጠን ይለያያል። በመቶኛ የሚያሳዩትም ቢሆኑ ያሳስታሉ፤ 50% ማለት የ3 ዴሲቤል ቅናሽ ሲሆን፣ ግልጽ ሜዳ ላይ እንኳ ርቀቱን ወደ 70% ገደማ ያወርደዋል እንጂ ወደ ግማሽ አያወርደውም። 6 ዴሲቤል ለመቀነስ 25% ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንቀጹን ከራውተሩ ገጽ ይልቅ ስልኩ በሚያነበው ላይ ብንመሠርተው ይሻላል፦

«እያንዳንዱ ቤት የ2.4 ጊጋኸርዝ ኃይሉን ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል፤ ዋይፋይ በሚጠቀምበት በጣም ሩቅ ክፍል ውስጥ ስልኩ −70 ገደማ ሲያነብ ያቆማል። በሙሉ ኃይልም ቢሆን ከ−70 የደከመ የሚያነብ ቤት ኃይሉን ሳይቀንስ አስቀድሞ የራውተሩን ቦታ ያስተካክላል። የ5 ጊጋኸርዝ ኃይል ባለበት ይቆያል።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር የጨመርኩት 5 ጊጋኸርዝ በግድግዳ ላይ ቶሎ ስለሚደክም ጎረቤትን ብዙም ስለማያውክ፣ 2.4 ዝቅ ሲል ደግሞ ሁለቱን የሚችሉ ስልኮች ወደ 5 እንዲያዘነብሉ ስለሚረዳ ነው። የጎረቤቶቻችን ስልኮች ግን በራሳቸው ኃይል መላካቸውን ይቀጥላሉ፤ ከግድግዳ ወዲያ በ−60 የሚሰማን የቅርብ ጎረቤትም ቀንሶም ይሰማናል። የሚገላግለን ከሩቅ ፎቆች ነው።

የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ፦
አንቀጹ በዚህ መልክ ከተጻፈ ተቃውሞዬን አንሥቻለሁ። ትናንት ማታ 14 ላይ አድርጌው ልጄ ትምህርቷን ሳይቋረጥባት ጨርሳለች፤ ሌሎቹ ቤቶች ገና ስላልቀነሱ ግን ይህንን የሐሳቡ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም።

የመሬት ወለል ሱቅ ባለቤት፦
ለእኔ ግን አንድ ነገር ቀርቷል። ደንበኞቼ ከውጭ በዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው ዋይፋይ የሚጠቀሙት፤ የእኔ በጣም ሩቅ ክፍል ያ ጥላ ከሆነ ምንም ልቀንስ አልችልም፤ ከሁላችሁ ይልቅ የምረብሸውም ምናልባት እኔ ነኝ።

የቴክኒክ ኮሚቴው አባል፦
እውነት ነው፤ አንቀጹ የእርስዎን ሁኔታ አይሸፍንም። ራውተሩ ወደ መስኮቱ ቢጠጋ በአነስተኛ ኃይል ጥላው ድረስ ሊደርስ ይችል ይሆናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቼ አብረን ብንለካው ደስ ይለኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተሻሻለውን አንቀጽ በረቂቁ ውስጥ አስገብቻለሁ። ጉባኤው ሐሳቡን ከማጽደቁ በፊት ውጤቱን እንዲያይም በመጀመሪያ በአንዱ መወጣጫ ብቻ ለአንድ ሳምንት እንዲሞከር፣ የመምህርትን የፒንግ ሙከራም ከለውጡ በፊትና በኋላ በተመሳሳይ የምሽት ሰዓት በሦስት ቤቶች እንድንመዘግብ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሱቆቹ አንቀጽ ከቅዳሜው ልኬት በኋላ ይሞላል። የኃይል ማስተካከያው ከአገልግሎት ሰጪው የተቆለፈባቸው ራውተሮች ያሏቸው አባላትም የቤት ቁጥራቸውን እዚሁ ያስፍሩ፤ ለእነርሱ ምን እንደምንጽፍ እስካሁን አልተስማማንም።