1/2 + 1/3 ሲደመር 2/5 ለሚሉ ተማሪዎች በሥዕል እንዴት ላሳያቸው?

ጠያቂዋ (የ5ኛ ክፍል መምህርት)፦ 1/2 + 1/3 ስላቸው ግማሹ ክፍል 2/5 ይለኛል። የጋራ ታህት የሚባለውን ሕግ ከመንገሬ በፊት በሥዕል እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ትናንት ክብ ስዬ ሞከርኩ፤ ቁራጮቹን አጋጠሟቸው፣ ድምሩ ስንት እንደሆነ ግን የሚናገር ጠፋ። ምን ላድርግ?

ጌታሁን፦ ታህቶቹን አባዙ፣ ላዕሎቹን በመስቀል አባዝታችሁ ደምሩ በያቸውና ጨርሺ። እኔ እንደዚያ ተምሬ መልሱን ስቼ አላውቅም። ሥዕሉ ጊዜ ይበላል።

መምህር ደ.፦ መልሱ ልክ ይመጣል። ግን ሕጉ የጠፋበት ልጅ ወደ 2/5 ይመለሳል፤ 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ እንኳ አያስተውልም።

እህቴ፣ ክቡን ተይው። ክብን ለሦስት እኩል መክፈል ለልጅ ከባድ ነው። መስመር በሌለው ወረቀት ላይ ወርዱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 6 የሆነ አራት ማዕዘን ሁለት ቦታ ያስምሩ። አንደኛውን በቁም መስመር ለሁለት ከፍለው አንዱን ያቅልሙ። ሁለተኛውን በአግድም መስመሮች ለሦስት ከፍለው አንዱን ያቅልሙ። እዚህ ላይ ቆም በይና «የተቀለሙትን አብረን መቁጠር እንችላለን?» ብለሽ ጠይቂ። መጠናቸው ስለሚለያይ አይቻልም። ይህን ራሳቸው እስኪሉት ጠብቂ።

ከዚያ የሁለተኛውን መስመሮች በአንደኛው ላይ፣ የአንደኛውን በሁለተኛው ላይ ይጨምሩ። ሁለቱም 6 እኩል ቤት ይሆናሉ። ቀለሙ አልተነካም፤ ግማሹ 3 ቤት፣ ሲሶው 2 ቤት ሆነ። ሁለቱን ወደ አንደኛው ባዶ ቤቶች ስትወስጃቸው ከ6ቱ 5ቱ ይሞላሉ።

ሁለቱንም በአንድ ሥዕል ላይ እንዳያቀልሙ ግን። አንዱ ቤት ሁለቴ ይቀለምና የተቀለመው 4 ብቻ ይሆናል። ያ የማባዛት ሥዕል ነው።

የሳሮን እናት፦ እኔም ልጄን ሳስጠና ቸገረኝ። 2/3 + 3/4ን እንዲሁ ሣለች፤ 8 እና 9 ቤት አገኘች። መልሷ ግን 17/24! ሥዕሉ ትክክል ነው፣ ምኑ ላይ ተሳሳተች?

መምህር ደ.፦ የሁለቱንም ሥዕል ቤቶች አንድ ላይ ቆጥራ ነው። «አንድ ሙሉ ስንት ቤት ነው?» በያት። 12 ትልሻለች። እንግዲህ 17/12 ነው፤ አንድ ሙሉና 5 ቤት። 2/5 የሚሉትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ሁለቱን ሙሉ ደምረው ነው።

ሰላም (አስጠኚ)፦ 1/4 + 1/6 ላይ ሥዕሉ 24 ቤት ያወጣል፣ 12 ይበቃ ነበር። እኔ እዚያ ስደርስ ወደ ሕጉ እገባለሁ።

መምህር ደ.፦ እኔ አልቸኩልም። 10/24 ያግኙ፤ ቤቶቹን ጥንድ ጥንድ ሲያደርጉ 5/12ን ራሳቸው ያዩታል።

ጠያቂዋ፦ ሰኞ በ1/2 + 1/3 እጀምራለሁ። 1/4 + 1/6ን ግን በየትኛው መንገድ እንደማስኬደው ገና አልወሰንኩም።